የጉልቻ እሳት፣ ጭስና ጅረት በሚደጋገሙ ሥዕሎች እንዴት ይሠራሉ?

ጥያቄ፦ «ክሪታ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም አጭር የአኒሜሽን ፊልም እየሠራሁ ነው። በአንዱ ትዕይንት ላይ ጉልቻ ውስጥ የሚነድ እሳት፣ ከእሳቱ በላይ ጭስ፣ በበሩ በኩል ደግሞ ጅረት ይታያል። እሳቱን በ3 ሥዕሎች እየደጋገምኩ ሠራሁት፤ ነገር ግን ወደ ላይ የሚነድ ሳይሆን ባለበት የሚዘል ይመስላል። ጭሱን ለማለስለስ ብዬ 1-2-3-2 አድርጌ ባስኬደው ወደ ታች ይመለሳል። ጅረቱም የተወጠረ ጨርቅ ሲርገበገብ ይመስላል። ስንት ሥዕል ያስፈልገኛል? እንዴትስ ልሣለው?»

ምላሽ፦

ሦስቱ ችግሮች የመጡት ከአንድ ምክንያት ነው። በሥዕሎችዎ ውስጥ እያንዳንዱ ቅርጽ ተነሥቶ፣ ጥቂት ሄዶ፣ መልሶ ወደ ራሱ ቦታ ይገባል። ዓይን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ይህን መመለስ ነው። በሚደጋገም ሥዕል ውስጥ አንድ ቅርጽ መድረስ ያለበት ራሱ ከነበረበት ሳይሆን ከፊቱ ያለው ቅርጽ ከነበረበት ቦታ ላይ ነው። ወረፋ የቆሙ ሰዎችን ያስቡ፤ የመጀመሪያው ተስተናግዶ ሲወጣ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ይጠጋሉ፣ ከኋላም አንድ አዲስ ሰው ይጨመራል። ሰዎቹ በሙሉ ቦታቸውን ቢለቁም ወረፋው ከሩቅ ሲታይ ያው ነው። እሳት፣ ጭስና ውኃ በሚደጋገም ሥዕል የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ የሚለያዩት እርምጃው ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ ነው ወይስ እየጠበበ፣ ወረፋውንስ የሚለቀው ቅርጽ እንዴት ይጠፋል በሚሉት ሁለት ነገሮች ነው።

የ3 ሥዕል ዑደት የማይበቃበት ምክንያትም ከዚሁ ይከተላል። በሁለት ተከታታይ የእሳት ላንቃዎች መካከል ያለው ርቀት በ3 ሥዕል ከተከፈለ አንድ ላንቃ በእያንዳንዱ ሥዕል የርቀቱን አንድ ሦስተኛ ይዘላል። ቅርጹ ሳይለወጥ ቢሆን ኖሮ ዓይን ይከተለው ነበር፤ ነገር ግን እሳት በየሥዕሉ ቅርጹን ስለሚቀይር፣ ዓይን በአዲሱ ሥዕል ላይ ያለው ላንቃ የትኛው የቀድሞ ላንቃ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። እርምጃው ወደ ግማሽ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ወደ ላይ መሄድና ወደ ታች መሄድ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ስለዚህ ለእሳትም፣ ለጭስም፣ ለውኃም የምጠብቀው ወሰን አለ፦ በአንድ ሥዕል የሚደረገው እርምጃ በሁለት ተመሳሳይ ቅርጾች መካከል ካለው ርቀት ከአንድ አራተኛ መብለጥ የለበትም።

የሥዕሎቹን ብዛት ከመወሰን በፊት ግን የእሳቱ መጠን መታወቅ አለበት፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚዘሉት ጉዳይም ይህ ነው። እሳት ከሥሩ አየር እየሳበ በተወሰነ ምት ያብጣል፣ ያበጠውም ወደ ላይ ይወጣል። የእሳት አደጋን የሚያጠኑ መሐንዲሶች ይህን ምት በሰከንድ ለመገመት የሚጠቀሙበት ቀላል ቀመር አለ፤ `f` በሰከንድ ያለው የምት ብዛት፣ `D` ደግሞ የሚነደው ነገር ስፋት በሜትር ነው፦

```
f ≈ 1.5 / √D
```

የጉልቻ እሳት ስፋት ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ የ0.25 ስኩዌር ሩት 0.5 ስለሆነ በሰከንድ 3 ላንቃዎች ይወለዳሉ ማለት ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፊልም ይህ በየ8 ፍሬሙ አንድ አዲስ ላንቃ ይሆናል። እያንዳንዱን ሥዕል ለ2 ፍሬም ካቆዩት ደግሞ በየ4 ሥዕሉ አንድ ነው። አንድ ቀን የመስቀል ደመራ ለመሥራት ቢያስቡና የሚነደው ክፍል 4 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ያው ስሌት በሰከንድ 0.75 ይሰጥዎታል፤ ይኸውም በየ32 ፍሬሙ አንድ ታላቅ ላንቃ ነው። የጉልቻውን እሳት አሳድገው በዚያው ፍጥነት ደመራ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ተመልካቹ የሚያየው ሰው የሚያህል ነበልባል ሳይሆን ካሜራው የተጠጋበት ትንሽ እሳት ነው። የእሳትን ትልቅነት ከስፋቱ ይልቅ ዝግታው ይናገራል።

አሁን ወደ ጉልቻዎ እንመለስ። ላንቃዎቹ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ቢወለዱ እሳቱ ሕይወት ያገኛል፤ ስለዚህ ዑደቱ ሁለት ልደት እንዲይዝ 8 ሥዕል እናድርገው። በ1ኛው ሥዕል የግራው ላንቃ ይወለዳል፣ በ5ኛው የቀኙ። የአንድ ላንቃ ዕድሜ 12 ሥዕል፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ይሁን። ዑደቱ 8 ሥዕል ሆኖ ዕድሜው 12 መሆኑ የሚጋጭ ይመስል ይሆናል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ይኸው ልዩነት ነው። በ1ኛው ሥዕል የተወለደ የግራ ላንቃ ዑደቱ ሲያልቅ አይሞትም፤ ዑደቱ እንደገና ሲጀምር በዚያው በ1ኛው ሥዕል ላይ ከላይ ያለው ያረጀ ቁራጭ ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም በማናቸውም ሥዕል ላይ በአራት በአራት ሥዕል ዕድሜ የሚበላለጡ ሦስት ላንቃዎች በአንድነት ይታያሉ።

የእሳቱ ጠቅላላ ቁመት 300 ፒክሰል ነው እንበል። ትኩስ ጋዝ ከዙሪያው አየር ስለሚቀል ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይፈጥናል፤ ስለዚህ እርምጃው ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ነው። ለአንድ ላንቃ ከልደቱ ጀምሮ በየሥዕሉ የሚደርስበትን ቁመት በቀጭን መስመር ምልክት አድርገው በታችኛው ሌየር ላይ ያስቀምጡ፦

```
0  7  20  38  58  81  106  134  163  195  228  263
```

በ1ኛው ሥዕል ላይ አዲሱ የግራ ላንቃ በ0፣ የቀኙ በ58፣ ያረጀው የግራ ቁራጭ በ163 ላይ ናቸው። በ4ኛው ሥዕል እነዚሁ 38፣ 134 እና 263 ላይ ደርሰዋል። በ5ኛው ሥዕል ያረጀው ቁራጭ ጠፍቷል፤ የግራው ላንቃ 58 ላይ፣ የቀኙ 163 ላይ ሲሆኑ ከታች አዲስ የቀኝ ላንቃ በ0 ተወልዷል። ስለዚህ 5ኛው ሥዕል የ1ኛው የመስተዋት ምስል ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉን ገልብጠው አይጠቀሙበት። ሁለቱ ጎኖች ፍጹም ሲመሳሰሉ እሳቱ እንደ ጌጥ ስለሚሆን፣ የቀኙን ላንቃ በጥቂቱ አጠር ወይም ሰፋ ያድርጉት። በ8ኛው ሥዕል የቀኙ 38፣ የግራው 134፣ ያረጀው የቀኝ ቁራጭ 263 ላይ ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው 1ኛው ሥዕልም በትክክል 58 እና 163 ላይ ይቀበላቸዋል።

ቁጥሮቹ ቦታን ይሰጣሉ እንጂ ቅርጽን አይሰጡም። በቅርጹ ላይ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ጫፉን ከመሣል በፊት በጎን ያለውን ሥርጉድ እንዲሥሉ ነው። ከሁለት ላንቃዎች መካከል አየር ከጎን ወደ ውስጥ ይገባል፣ የእሳቱን ጎንም ይሠረጉደዋል፤ ይህም ሥርጉድ ከላንቃው ጋር ወደ ላይ እየወጣ በየሥዕሉ ይጠልቃል። በ58 ቁመት ላይ ገና የተነካ ያህል ነው፤ በ134 ላይ የላንቃውን አንገት ያቀጥነዋል፤ በ163 ላይ ከሌላው ጎን ከሚመጣው ሥርጉድ ጋር ተገናኝቶ ላንቃውን ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ቁራጭ ነው፤ ነዳጁ እያለቀበት በአራት ሥዕል ውስጥ ከጎን እየቀጠነ፣ ከሥሩ እየተበላ ይጠፋል። የእሳት ጫፍ ፈጽሞ ወደ ታች እንደማይወርድ ልብ ይበሉ። እሳቱ ሲያጥር የምናየው ጫፉ ተቆርጦ ከሄደ በኋላ ከሥሩ ያለው ላንቃ አዲስ ጫፍ ስለሚሆን ነው። የእርስዎ እሳት የሚዘለው ጫፉ ራሱ ስለሚወርድ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ዑደቱን እያስኬዱ ዓይንዎን በአንድ ሥርጉድ ላይ ብቻ ያሳርፉ፤ ሥርጉዱ ያለማቋረጥ ወደ ላይ ከወጣ ሥዕሉ ትክክል ነው፣ ከቆመ ወይም ከወረደ ግን ስሕተቱ ያለው በዚያ ሥዕል ላይ ነው።

ከላይ ያለው ቁራጭ ሌላ ችግርም ያመጣል። እዚያ ላይ እርምጃው ከ30 ፒክሰል በላይ ስለሆነ፣ ቁራጩ 15 ወይም 20 ፒክሰል ብቻ ቁመት ካለው በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ውጤቱም እንቅስቃሴ ሳይሆን ብልጭ ድርግም ማለት ነው። መፍትሔው ቁራጩን ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሳብ፣ ማለትም ቀጭንና ረጅም አድርጎ አዲሱ ቅርጽ የቀድሞውን ቦታ ጥቂት እንዲነካ ማድረግ ነው።

የዑደቱን መጋጠሚያ ለመፈተሽ የፊተኛውንና የኋለኛውን ሥዕል በስሱ በሚያሳየው በኦኒየን ስኪን ብቻ አይተማመኑ፤ ከ8ኛው ቀጥሎ 1ኛው እንደሚመጣ አያሳይዎትምና። 1ኛውን ሥዕል ቀድተው በ9ኛ ቦታ ላይ ለጊዜው ያስቀምጡና 8ኛውን በ7ኛውና በዚህ ቅጂ መካከል አድርገው ይሣሉ። ሲጨርሱ ቅጂውን ማጥፋት አይርሱ። ከቀረ አንድ ሥዕል በተከታታይ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ እሳቱም በየዙሩ ለቅጽበት ቆም ብሎ የሚቀጥል ይሆናል። በየ18 ፍሬሙ የሚያነክስ ዑደት ካዩ አስቀድመው የሚፈልጉት ይህን ቅጂ ነው።

8 ሥዕል ብቻውን ሲደጋገም ተመልካች ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ድግግሞሹን ይለየዋል። ለዚህ የሥዕሎቹን ቁጥር ማብዛት አድካሚ ነው፤ ርዝመታቸው የማይገጥም ዑደቶችን መደረብ ይሻላል። ውጪው ነበልባል 8 ሥዕል ነው፣ ይኸውም 16 ፍሬም። ውስጥ ያለውን ደማቅ ቢጫ ክፍል በሌላ ሌየር በ7 ሥዕል፣ በ14 ፍሬም ይሥሩት። ሁለቱ እንደ መጀመሪያው የሚገጣጠሙት ከ112 ፍሬም በኋላ፣ ማለትም ከ4 ሰከንድ ተኩል በላይ ቆይተው ነው። የፍንጣሪዎችን ሌየር በ9 ሥዕል፣ በ18 ፍሬም ካከሉበት ሦስቱ በአንድነት የሚገጥሙት ከ1008 ፍሬም በኋላ ነው፤ 42 ሰከንድ መሆኑ ነው፣ የእርስዎም ትዕይንት ከዚያ በፊት ያልቃል። ለ24 ሥዕል ድካም ይህ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን የራሱ ወሰን አለው፦ የውስጡ ቢጫ በራሱ ጊዜ ስለሚሄድ አልፎ አልፎ የውጪው ሥርጉድ ሲጠልቅ ከነበልባሉ ውጭ ብቅ ይላል። ስለዚህ ቢጫውን ከእሳቱ የታችኛው ሲሶ አያሳልፉት፤ ሥርጉዶቹ እዚያ ገና ጥልቅ አይደሉም። በክሪታ ቢጫውን በውጪው ቅርጽ እንዲቆረጥ ማድረግም ይቻላል፤ ሆኖም ቢጫው ከጠርዙ ጋር እኩል ሲቆረጥ የእሳቱ ቀይ ጠርዝ በዚያ በኩል ስለሚጠፋ፣ እኔ ዝቅ ማድረጉን እመርጣለሁ።

1-2-3-2 የሚለው አካሄድ ለእሳትም ሆነ ለጭስ አይሆንም፤ ወደ ላይ የሚሄድ ነገርን በግድ ያስወርዳልና። በዚህ ትዕይንት ውስጥ የሚስማማው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ እርሱም እሳቱ በግድግዳው ላይ ለሚጥለው ብርሃን ነው። ብርሃን ደመቅ ፈዘዝ ከማለት በቀር የሚሄድበት አቅጣጫ የለውም።

ጭስ የእሳት ተቃራኒ ነው። እሳት ሲወጣ ይፈጥናል፣ ይቀጥናል፣ ይቆረጣል፤ ጭስ ግን ከዙሪያው ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ስለሚቀላቀል ሲወጣ ይዘገያል፣ ይሰፋል፣ ይሣሣል። ስለዚህ በእሳቱ የተጠቀሙበትን የእርምጃ ልክ ገልብጠው ይጠቀሙበታል። ከነበልባሉ ጫፍ እስከ ጣሪያው ወራጅ 400 ፒክሰል አለ እንበል። አምስት የጭስ ድብልብሎችን አንዱን ከአንዱ በላይ ይሣሉ፤ እያንዳንዱ የሚጓዘው ርቀት ከታች ወደ ላይ 110፣ 90፣ 75፣ 65 እና 60 ፒክሰል ይሁን። ዑደቱ 12 ሥዕል፣ አንድ ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ድብልብል ከበላዩ ያለው ወደነበረበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ወደ ነበረው ስፋትም መድረስ አለበት፤ ሰዎች የሚረሱት ይህን ሁለተኛውን ነው። ቦታው ገጥሞ ስፋቱ ካልገጠመ ጭሱ በየሰከንዱ በድንገት የሚያብጥ ወይም የሚሟሽሽ ሆኖ ይታያል። የታችኛው ድብልብል በአንድ ሥዕል ወደ 9 ፒክሰል ሲሄድ የላይኛው 5 ብቻ ይሄዳል፤ ለጭሱ ክብደት የሚሰጠውም ይህ ልዩነት ነው።

ድብልብሉ ሲወጣ ሳይዞር፣ እንደ ኳስ እንዳለ አይነሣም። መካከሉ ሞቃት ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል፣ ጠርዞቹ ደግሞ ወደ ውጭና ወደ ታች ይጠቀለላሉ። በመሆኑም በጠርዙ ላይ የሣሉት ትንሽ ጥምዝ በየሥዕሉ ከአናት ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ሥር መንሸራተት አለበት። ይህን በሁለቱም ጠርዝ ካደረጉ ሌላ ዝርዝር አያስፈልግም። የላይኛው ድብልብል የሚጠፋበትን መንገድ በተመለከተ፣ ሥዕልዎ ወጥ ቀለም ያለው ከሆነ ቀስ በቀስ ማደብዘዙን አልመክርም፤ ከቀረው ሥዕል ጋር አይስማማምና። ከውስጡ ቀዳዳዎች ይክፈቱበት፣ ቀዳዳዎቹ ይስፉ፣ የቀረውም ወደ ቀጫጭን ቁርጥራጮች ይለወጥ። ያ ሁሉ የሚሆነው በአንዱ 12 ሥዕል ውስጥ ነው። አንድ ወሰን ግን አለ፦ ጭሱ ከሣር ጣሪያው ሥር እየተጠራቀመ ቤቱን እንዲሞላ ከፈለጉ ዑደት አይሠራም፤ መጠራቀም የማይመለስ ለውጥ ነውና። የሚነሣውን ጭስ በዑደት ትተው፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ደመና በሌላ ሌየር አንድ ጊዜ ብቻ እየወፈረ እንዲሄድ ያድርጉት።

ጅረቱ ጨርቅ የመሰለው ሁሉም መስመሮች በአንድነት ከፍ ዝቅ ስለሚሉ ነው። ከሩቅ በሚታይ ጅረት ላይ የውኃው ገጽ ብዙም ከፍ ዝቅ አይልም፤ የሚሄደው በላዩ ያለው ብርሃንና ጥላ ነው። ስለዚህ ገጹን በወጥ ቀለም ቀብተው ይተዉት፣ በላዩ ላይ ደግሞ አግድም የተኙ ቀጫጭን የብርሃን ጭረቶችን ብቻ በ8 ሥዕል ያስኪዱ። ለእኛ ቅርብ ባለው በኩል በጭረቶቹ መካከል 160 ፒክሰል ካለ በአንድ ሥዕል 20 ፒክሰል ይሄዳሉ፤ በሩቁ በኩል 48 ፒክሰል ካለ 6 ብቻ ይሄዳሉ። ዑደቱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ የቅርቡ ፈጥኖ፣ የሩቁ ዘግይቶ ስለሚታይ ጥልቀቱ ያለ ተጨማሪ ሥራ ይገኛል። ጭረቶቹ ግን እንዳሉ መንሸራተት የለባቸውም፤ በመንገዳቸው ላይ አንዱ ከመካከሉ ይሰበር፣ ሁለቱ ይገናኙ። ይህም ቢሆን ዑደቱ ሲያልቅ የተሰበረው ጭረት ከፊቱ ካለው የተሰበረ ጭረት ጋር መግጠም አለበት።

በጅረቱ ውስጥ ድንጋይ ካለ ከድንጋዩ በታች ውኃው ለሁለት ተከፍሎ የሚሠራው ምልክት አይሄድም። ውኃው በውስጡ ያልፋል እንጂ ምልክቱ በቦታው ይቆማል፤ ጭረቶቹ ወደ ድንጋዩ ሲደርሱ ጎን ለጎን ይለያያሉ፣ በጠባቡ መተላለፊያ ቀጥነው ይረዝማሉ፣ ሲያልፉ አጥረው ይሰበራሉ። ምልክቱን ከጭረቶቹ ጋር ካስኬዱት ድንጋዩ ከውኃው ፍሰት በተቃራኒ የሚዋኝ ይመስላል። ውኃው ከዳርቻው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ደግሞ ለብቻው በ3 ሥዕል፣ እያንዳንዱን 4 ፍሬም አቆይተው፣ ከ2 ወይም ከ3 ፒክሰል በማይበልጥ ለውጥ ይሥሩት። ይህ መስመር የሚሄድበት አቅጣጫ ስለሌለው በ3 ሥዕል ብቻ ቢሠራ አይጎዳም፤ 12 ፍሬም ስለሚሆንም ከጭረቶቹ 16 ፍሬም ጋር የሚገጥመው በየ48 ፍሬሙ ነው።